የኦገር ጉድጓድ ዘዴ፦ አፈር ምን ያህል ውሃ እንደሚያሳልፍ ሜዳ ላይ እንዴት ይለካል፣ ቁጥሩስ እንዴት ይነበባል

የከርሰ ምድር ውሃው ለገጽ ቅርብ የሆነበት መሬት ላይ ድሬኔጅ ልትሰሩ ከሆነ፣ ቦዮቹ ወይም የሚቀበሩት ቱቦዎች በስንት ሜትር ይራራቁ የሚለውን በዋናነት የሚወስንላችሁ አንድ ቁጥር አለ፣ እሱም ውሃ የጠገበ አፈር ውሃ የማሳለፍ አቅሙ ነው፣ ሃይድሮሊክ ኮንዳክቲቪቲ የሚባለው፣ በ K የሚጻፈው። ላብራቶሪ ወስዶ መለካት ይቻላል፣ ግን በብረት ቀለበት የምትወስዷት ናሙና በጣም ትንሽ ናት፣ አንድ የትል ቀዳዳ ወይም የሞተ ስር መንገድ ውስጧ ከገባ ቁጥሩ ይንራል፣ ካልገባ ደግሞ ያው አፈር ምንም የማያሳልፍ ይመስላል። ለዚህ ነው እኔ ሁሌም የኦገር ጉድጓድን የማስቀድመው።

ሀሳቡ ቀላል ነው። ከውሃው ወለል በታች የሚወርድ ጠባብ ጉድጓድ በኦገር፣ ማለትም እየዞረ አፈር በሚያወጣ የእጅ መሰርሰሪያ፣ ትቆፍራላችሁ፣ ውሃው ገብቶ እስኪረጋ ትጠብቃላችሁ፣ የተወሰነውን ቶሎ ቀድታችሁ ታወጣላችሁ፣ ከዛ ውሃው ተመልሶ ሲነሳ በስንት ሰከንድ ስንት ሴንቲ እንደተነሳ ትለካላችሁ። አፈሩ በደንብ የሚያሳልፍ ከሆነ ቶሎ ይነሳል፣ ካልሆነ ይዘገያል፣ በቃ። ደስ የሚለው ነገር ደግሞ የምትለኩት በራሱ በመሬቱ ውሃ ነው፣ ከውጪ የመጣ ውሃ አይገባበትም፣ ይሄ በተለይ ሶዲየም ያለበት ሸክላ አፈር ላይ ትልቅ ጥቅም አለው ምክንያቱም ሌላ ጨውነት ያለው ውሃ ስታፈሱበት የሸክላው ቅንጣቶች ሊበታተኑና ቀዳዳውን ሊደፍኑት ይችላሉ።

ሂሳቡ ማንንም አያስቸግርም። ውጤቱ የሚበላሸው ከሂሳቡ በፊት ሶስት ቦታ ላይ ነው፦ የረጋው የውሃ ወለል የት ነው፣ የጉድጓዱ ራዲየስ በትክክል ስንት ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ንባብ የእውነት ነው ወይ። ከታች ረዘም አድርጌ የምሄድባቸው እነዚህ ናቸው።

መጀመሪያ ግን የማይሰራበትን ልንገራችሁ። ውሃው ከ2 ሜትር በላይ ጠልቆ ከሆነ ይሄ ዘዴ አይመቻችሁም፣ ውሃው ከፍ የሚልበትን ወቅት ጠብቃችሁ ሂዱ፣ መጠበቅ ካልቻላችሁ ደግሞ ውሃ አፍስሶ ሲወርድ የሚለካበት ሌላ ዘዴ አለ፣ እሱ የራሱ ፎርሙላ ስላለው ከዚህኛው ጋር አትቀላቅሉት። ድንጋያማ አፈር ላይ ክብ ጉድጓድ አይወጣላችሁም። ከታች በግፊት ወደ ላይ የሚገፋ ውሃ ካለም ንባቡ ያታልላል፣ ይሄን የምታውቁት ስትቆፍሩ ውሃውን መጀመሪያ ያገኛችሁበትና በኋላ የቆመበት ቦታ በጣም ሲራራቅ ነው፣ ሸክላ አፈር ላይ ትንሽ ልዩነት ያለ ነገር ነው ግን 1.5 ሜትር ላይ የተገኘ ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ተነስቶ 60 ሴንቲ ላይ ከቆመ ጠርጥሩ።

ቁፋሮው

8 ሴንቲ ዲያሜትር የሚቆፍር የእጅ ኦገር በጣም ይበቃል፣ ማለትም ራዲየሱ 4 ሴንቲ። ጉድጓዱ ከውሃው ወለል በታች ቢያንስ 20 ሴንቲ ቢበዛ 2 ሜትር ይውረድ፣ ከ50 ሴንቲ እስከ 1 ሜትር ከምናምን ያለው ምቹ ነው። ስትቆፍሩ ኦገሩን አታስጨንቁት፣ ሁለት ሶስት ዙር አዙራችሁ አውጡት፣ ምላጩ ሞልቶ እያለ መጎተት የጉድጓዱን ግድግዳ እንደ ልስን ያለሰልሰዋል፣ ሸክላ አፈር ላይ ደግሞ ያ ልስን ውሃውን ይዘጋል። የሚወጣውን አፈር በሙሉ መሬት ላይ በተርታ ደርድሩት፣ ከስንት ሴንቲ እስከ ስንት ሴንቲ ምን አይነት አፈር እንደነበር፣ ቀለሙ የት ጋር እንደተቀየረ፣ የት ጋር እንደጠነከረ ጻፉ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ በኋላ ግን ቁጥሩን ማንበብ የምትችሉት በዚህ ማስታወሻ ነው።

አሸዋማ ከሆነና ግድግዳው ከተናደ በዛው ልክ የሆነ ቀዳዳ ያለው ቱቦ አስገቡበት፣ የቱቦው ቀዳዳ ብዙ ካልሆነ ግን የምትለኩት የአፈሩን ሳይሆን የቱቦውን ነው የሚሆነው።

ጉድጓዱ እንዳለቀ ወዲያው አትለኩ። ውሃው ይግባ፣ ከዛ ቅዱት፣ እንደገና ይግባ፣ እንደገና ቅዱት፣ ሸክላ ከሆነ ሁለት ሶስቴ ይደገም። ውሃው ከአፈሩ ወደ ጉድጓዱ ሲገባ የተለሰነውን ግድግዳ እየገፋ ይከፍተዋል፣ የመጀመሪያው ቅጂ ላይ ጭቃ ሆኖ የሚወጣው እሱ ነው።

መጠበቅ

አሁን ውሃው ይርጋ። ደህና በሚያሳልፍ አፈር ግማሽ ሰአት ሊበቃ ይችላል፣ ከባድ ሸክላ ላይ ግን እስከ ነገ ጠዋት ድረስ። ረጋ የምትሉት በዓይን አይታችሁ ሳይሆን በ10 እና 15 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሶስት ጊዜ ለክታችሁ ቁጥሩ ሳይቀየር ሲቀር ነው፣ ሸክላ ላይ ደግሞ ልዩነቱን ሰአት አድርጉት ምክንያቱም በጣም ቀስ ብሎ የሚነሳ ውሃ የቆመ ይመስላል።

እኔ ራሴ የተማርኩት በስህተት ነው። አንድ ቀን ከሰአት ላይ ስድስት ጉድጓድ ቆፍረን ጊዜ እንዳይባክን ብዬ የመጨረሻውን ከአንድ ሰአት በኋላ ለካሁት፣ ውሃው ቆሟል ብዬ ነው። በነጋታው የረሳሁት እቃ ልወስድ ስመለስ ሜትሩን ጣል አድርጌ ሳየው ውሃው ትላንት ረጋ ካልኩበት 10 ሴንቲ ከፍ ብሎ ነበር። 10 ሴንቲ ምን ያመጣል ትሉ ይሆናል፣ ከታች በቁጥር አሳያችኋለሁ።

መቅዳትና ማንበብ

ከጉድጓዱ አጠገብ አንድ እንጨት ወይም ብረት ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ፣ ጫፉ ከመሬት ለምሳሌ 40 ሴንቲ ከፍ ይበል። ሁሉንም ነገር የምትለኩት ከዚህ ጫፍ ነው፦ የጉድጓዱን መጨረሻ፣ የረጋውን ውሃ፣ እየተነሳ ያለውን ውሃ። መሬቱን መነሻ አታድርጉ፣ የቆማችሁበት ረግረግ መሬት በእግራችሁ ይረገጣል ይሰምጣል። ሜትሩ ጫፍ ላይ ቀላል ተንሳፋፊ ይታሰርበታል፣ ከጉድጓዱ ጠበብ ያለ፣ ግድግዳውን የማይነካ።

መቅጃው ደግሞ ከታች ወደ ላይ ብቻ የሚከፈት ቫልቭ ያለው ቱቦ ነው፣ ስታወርዱት ውሃ ይገባል ስታወጡት ይዘጋል። ከጉድጓዱ አንድ ሁለት ሴንቲ ይጥበብ፣ ልክክ ያለ ከሆነ ሲወጣ ግድግዳውን ይመጠዋል ያፈርሰዋል። አንዴ ሁለቴ ቀድታችሁ ውሃው ከ20 እስከ 40 ሴንቲ ዝቅ ይበል፣ ቀስ ብላችሁ እየደጋገማችሁ አትቅዱ፣ ውሃው ባንድ ጊዜ እንደወረደ ነው ፎርሙላው የሚያስበው። መቅጃው እንደወጣ ተንሳፋፊው ወዲያው ይውረድ፣ ሰአቱ ይጀምር። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ አንዱ ያነባል አንዱ ይጽፋል፣ በስልክ ቪዲዮ ሜትሩንና ሰከንዱን አንድ ላይ መቅረጽም ይቻላል።

በየ10 ሰከንዱ አምስት ስድስት ንባብ ውሰዱ፣ አፈሩ ከዘገየ በየ30 ሰከንዱ ወይም በየደቂቃው። አንድ ህግ ግን አትርሱ፦ ከቀዳችሁት ሩቡ ከተመለሰ በኋላ ያለው ንባብ አይጠቅምም። 40 ሴንቲ ካወረዳችሁ 10 ሴንቲ እስኪነሳ ድረስ ያለውን ብቻ ነው የምትጠቀሙት፣ ከዛ በኋላ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው የውሃ ወለል ራሱ እየጎደጎደ ስለሚሄድ ውሃው የሚገፋው ግፊት ፎርሙላው ካሰበው ያንሳል፣ K ያለአግባብ ዝቅ ብሎ ይወጣል።

እስቲ አንድ ጉድጓድ እንስራ። የተተከለው እንጨት ጫፍ ከመሬት 40 ሴንቲ ከፍ ያለ ነው። ከጫፉ እስከ ጉድጓዱ መጨረሻ 240 ሴንቲ፣ እስከ ረጋው ውሃ 120 ሴንቲ፣ ራዲየሱ 4 ሴንቲ። ቀድተን ስናነብ እንዲህ መጣ እንበል፦

```
0 s    162.0 cm
10 s   160.3 cm
20 s   159.2 cm
30 s   158.1 cm
40 s   157.0 cm
50 s   156.0 cm
60 s   155.0 cm
```

ልዩነቶቹን አንድ በአንድ አውጡ። የመጀመሪያው 1.7 ነው፣ ከዛ 1.1፣ 1.1፣ 1.1፣ 1.0፣ 1.0። የመጀመሪያው ከሌሎቹ ጋር አይሄድም፣ ምክንያቱም በቀዳን ጊዜ ግድግዳው ላይ የቀረው ውሃ እየተንጠባጠበ ወርዶ ነው ከፍ ያደረገው፣ ከአፈሩ ውስጥ የመጣ አይደለም። እሱን እንጥለውና ከ10ኛው ሰከንድ እንጀምር። ከዛ በኋላ ያሉት እኩል ወይም ቀስ እያሉ የሚቀንሱ መሆን አለባቸው። መሀል ላይ 0.2 ከዛ 2.0 ካያችሁ ተንሳፋፊው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ነበር ማለት ነው፣ ያ ዙር ይደገማል።

ሂሳቡ

የምንጠቀመው ሆላንዳዊው ኤርንስት በ1950 ያወጣውን ፎርሙላ ነው። ርዝመቶቹ በሴንቲ፣ ጊዜው በሰከንድ ይገባል፣ K በሜትር በቀን ይወጣል።

```
K = 4000 * r^2 / ((H + 20*r) * (2 - y/H) * y) * (dy/dt)
```

r ራዲየሱ ነው። H ከረጋው ውሃ እስከ ጉድጓዱ መጨረሻ ያለው ነው፣ እዚህ 240 ሲቀነስ 120፣ ማለትም 120 ሴንቲ። y ደግሞ በንባቡ ጊዜ ውሃው ከረጋው ወለል በአማካይ ስንት ሴንቲ ዝቅ ብሎ እንደነበር ነው፦ ስንጀምር 160.3 ሲቀነስ 120፣ 40.3 ሆነ፣ ስንጨርስ 35.0፣ አማካዩ 37.65። የተነሳው 5.3 ሴንቲ ነው በ50 ሰከንድ፣ ስለዚህ dy/dt 0.106 ነው። የ40.3 ሩብ 10 አካባቢ ስለሆነ 5.3 ህጉን አላለፈም፣ y ም ከH አንድ አምስተኛ ማነስ የለበትም፣ 24 ነው ወሰኑ፣ አላነሰም።

```
K = 4000*16 / (200 * 1.686 * 37.65) * 0.106 = 0.53
```

በቀን 0.53 ሜትር።

ይሄ ፎርሙላ የሚሰራው ውሃ የማያሳልፈው ንጣፍ ከጉድጓዱ መጨረሻ በታች ቢያንስ የH ግማሽ ርቆ ሲገኝ ነው። ጉድጓዱ ልክ ንጣፉ ላይ ካበቃ 4000 በ3600፣ 20 ደግሞ በ10 ይተካል። ንጣፉ የት እንዳለ ለማወቅ ለክታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ እዛው ጉድጓድ ውስጥ ቁፋሮውን ቀጥሉ፣ ከመለካታችሁ በፊት ግን አይሆንም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይጨነቃል፣ ያለቦታው ነው። በእኛ ቁጥር ሁለተኛውን ፎርሙላ ብንጠቀም 0.60 ነው የሚወጣው፣ ከ0.53 ብዙ አይርቅም።

ጭንቀቱ መሆን ያለበት ራዲየሱ ላይ ነው። የኦገሩ ዲያሜትር 8 ሴንቲ ነው ብላችሁ 4 ትጽፋላችሁ፣ ግድግዳው ግን ሲቆፈርና ሲቀዳ ተቦርቡሮ ራዲየሱ 5 ሴንቲ ሆኖ ሊሆን ይችላል። 5 አስገብታችሁ አስሉት፣ K 0.76 ይሆናል። አንድ ሴንቲ ብቻ ከ40 በመቶ በላይ ለወጠችው። ስለዚህ ከኦገሩ ላይ ከመገልበጥ ጉድጓዱን ራሱን ለኩ፣ ከቀዳችሁት ውሃ መጠንም ማጣራት ይቻላል፦ 42 ሴንቲ ለማውረድ 2.1 ሊትር አካባቢ ከወጣ ራዲየሱ 4 ነው፣ 3.3 ሊትር ከወጣ 5 ሆኗል። እየቀዳችሁ እያለ የሚገባ ውሃ ስላለ ግምት ነው፣ ግን ትልቁን ስህተት ያሳያል።

የኔ 10 ሴንቲስ? በዚህ ጉድጓድ የረጋው ውሃ 120 ሆኖ ሳለ ቸኩላችሁ 130 ብላችሁ ብትጽፉ H 110፣ y 27.65 ይሆናል፣ K ደግሞ 0.74። አንድም ሌላ ንባብ ሳይበላሽ ወደ 40 በመቶ ስህተት። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ንጹህ ይመስላል፣ ለዛ ነው ይሄ ስህተት ክፉ የሆነው።

ውሃው ተመልሶ ሲረጋ እዛው ጉድጓድ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ድገሙት። ውጤቶቹ ከተቀራረቡ ጥሩ። በየዙሩ K ከፍ እያለ ከሄደ ግድግዳው ገና እየተከፈተ ሊሆን ይችላል፣ ዝቅ እያለ ከሄደ ደግሞ እየተናደ ሊሆን ይችላል፣ የጉድጓዱን ጥልቀት እንደገና ለኩ፣ 240 የነበረው 231 ሆኖ ካገኛችሁት ተንዷል፣ ዝቃጩን አውጡና ራዲየሱን እንደገና ለኩ።

0.53 ምን ይላል

እንደ መነሻ፣ ቅርጹ ደካማ የሆነ ሸክላ ከ0.002 እስከ 0.2 ውስጥ ይወድቃል፣ ደህና ቅርጽ ያለው ሸክላና ሎም፣ ማለትም አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ የተደባለቀበት አፈር፣ ከ0.5 እስከ 2፣ ደቃቅ አሸዋ ከ1 እስከ 3፣ ሻካራ ጠጠራም አሸዋ ከ10 በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ከጉድጓዱ የወጣው አፈር በእጃችሁ ስታሹት ሎም ወይም ቅርጹ ጥሩ የሆነ ሸክላ ከነበረ 0.53 የሚገርም አይደለም። እንደ ላስቲክ የሚሳብ ድፍን ሸክላ ሆኖ 0.53 ከወጣ ግን የሆነ ስንጥቅ ወይም ቀጭን የአሸዋ ንጣፍ ጉድጓዱን ቆርጦ እየመገበው ነው፣ ወደ ማስታወሻችሁ ተመለሱ።

ይሄ ቁጥር የሚወክለው በጉድጓዱ ዙሪያ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ያለውን አፈር ነው፣ ከውሃው ወለል ጀምሮ ከጉድጓዱ መጨረሻ ትንሽ ዝቅ እስካለው ድረስ። ከውሃው ወለል በላይ ስላለው አፈር ምንም አይናገርም። ውሃው በአብዛኛው ከጎን ስለሚገባም የጎንዮሹን K ነው የሚነግራችሁ፣ ለድሬኔጅ የሚፈለገውም በአመዛኙ እሱ ነው፣ ከላይ ወደ ታች ስለሚሰርገው ግን በዚህ ቁጥር አትፍረዱ።

ሁለት አይነት አፈር ያለው ጉድጓድ ከሆነ ደግሞ 0.53 የሁለቱ ድብልቅ ነው። በማስታወሻችን አፈሩ 130 ሴንቲ ላይ ከሎም ወደ ጠንካራ ሸክላ ተቀይሯል እንበል፣ ውሃው ከመሬት 80 ሴንቲ ላይ ነው፣ ስለዚህ ከውሃው በታች ካለው 120 ሴንቲ 50ው ሎም 70ው ሸክላ ነው። ሁለት ሶስት ሜትር ራቅ ብላችሁ 110 ሴንቲ ብቻ የሚወርድ ሌላ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ መጨረሻው ከሸክላው 20 ሴንቲ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ የሚለካው ሎሙን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። እሱ 1.1 ከሰጠ የታችኛውን እንዲህ ታወጣላችሁ፦

```
K2 = (0.53*120 - 1.1*50) / 70 = 0.12
```

አሁን ታሪኩ ተቀየረ። "በቀን ግማሽ ሜትር የሚያሳልፍ መሬት" ያልነው ለካ ከላይ በደንብ የሚያሳልፍ ከታች የሚያንቅ መሬት ነው፣ ቱቦውን ሸክላው ውስጥ መቅበርና ሎሙ ውስጥ መቅበር አንድ አይደለም። ግን 0.12ን እንደ ጽኑ ቁጥር አትያዙት፣ የላይኛው 1.1 ሳይሆን 1.0 ቢሆን 0.19 ይወጣል፣ 1.2 ቢሆን 0.05። ከላይኛው በጣም ያነሰ ነው ማለት ትችላላችሁ፣ ከዛ በላይ ማለት አይቻልም።

የብዙ ጉድጓድ ውጤት ስትሰበስቡ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትደምሩና አታካፍሉ። አምስት ጉድጓድ 0.53፣ 0.31፣ 0.72፣ 0.44 እና 2.9 ቢሰጡ ተራው አማካይ 0.98 ነው፣ ከአምስቱ አራቱ ከሱ በታች ናቸው። የየአንዳንዱን ሎግ ወስዳችሁ አማካዩን ስትመልሱት 0.69 ይመጣል፣ የK ቁጥሮች ከታች ተጠጋግተው ከላይ የሚበተኑ ስለሆነ ይሄኛው ይሻላል። የቱቦ ርቀት በግምት ከK ስኩዌር ሩት ጋር ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ በK ላይ የ40 በመቶ ስህተት ርቀቱ ላይ ሲደርስ ወደ 20 ይወርዳል፣ ይሄ ትንሽ ያረጋጋል፣ ሁለትና ሶስት እጥፍ የሚሄድን ስህተት ግን አያድንም።

2.9ኙን ግን ከዝርዝሩ ከመሰረዛችሁ በፊት ጉድጓዱ ጋር ተመለሱ። ጥልቀቱን ለኩ፣ ራዲየሱን ለኩ፣ ድገሙት። ሲደገምም 2.9 ካለ ትንሽ ራቅ ብላችሁ በአራቱም አቅጣጫ አራት ጉድጓድ ጨምሩ፣ ምናልባት በመሬቱ ውስጥ የሚያልፍ የድሮ ወንዝ አሸዋ አግኝታችሁ ይሆናል፣ እንደዛ ከሆነ ያ ክፍል የራሱ K እና የራሱ የቱቦ ርቀት ይኖረዋል።